ኦርደር ለአንድ ሳምንት ከዘገየ በኋላ ለደንበኛ ምን ብለን እንጻፍ?

(በኦንላይን ሽያጭና ዴሊቨሪ ለሚሰሩ ሰዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ እንደተነገረ ማለት ይቻላል)

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ፣ ወደፊት ጠጋ በሉ ወንበር አለ። በመጀመሪያ ስራ ውላችሁ ደክሟችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ፣ እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ አሁንም እየጮኸ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሳይለንት ላይ አድርጉትና ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ሜሴጅ ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ኦርደር ዘግይቷል፣ ደንበኛ ተናዷል፣ ኮመንት ላይ መሳደብ ተጀምሯል፣ አሁን ቁጭ ብላችሁ የይቅርታ መልእክት ልትጽፉ ነው። ምን ትጽፋላችሁ? ለማን ትልካላችሁ? መቼ? ሶስት ነገር አነሳለሁ፣ ማን ይላክለት የሚለውን፣ ቀኑን፣ እና ገንዘቡን። ቀኑ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እኔ እስከማውቀው የይቅርታ መልእክት የሚበላሸው እዛ ላይ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ ለአንድ ዴሊቨሪ ድርጅት ስልክ አነሳ ነበር፣ ስሙ ይቅር። አንድ ሳምንት ላይ ሁሉም ነገር ተደራርቦ ኦርደር ይዘገይ ነበርና አንዲት እናት ደወለች። ልጇ ሰኞ ትምህርት ይጀምራል፣ ቦርሳ አዛለች፣ ከፍላለች፣ የደወለችው እሁድ ማታ ነው። እኔ የተሰጠኝን አረፍተ ነገር አነበብኩላት፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን ምናምን። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ "እህቴ፣ እኔ እኮ ይቅርታ አይደለም የፈለግኩት። አይደርስም ብላችሁ አርብ ብትነግሩኝ ቅዳሜ ወጥቼ እገዛለት ነበር።" አስቡት። አርብ ላይ እኮ ሲስተሙ ውስጥ እንደማይደርስ ይታይ ነበር! የዘገየባት ቦርሳው ብቻ አይደለም፣ ወሬውም ዘግይቶባታል፣ እና የባሰ የጎዳት ወሬው ነው፣ ሌላ አማራጭ እንድትፈልግ እድል አልተሰጣትም።

ስለዚ የይቅርታ መልእክት ስንል ምን እያልን ነው? ደንበኛው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ መወሰን እንዲችል የሚያደርግ መረጃ እያልን ነው። ይጠብቅ? ይሰርዝ? ሌላ ቦታ ይግዛ? እቤት ሰው ያስቀምጥ? ይቅርታ የሚለው ቃል ይኖራል፣ መኖርም አለበት፣ ግን አንድ መስመር ይበቃዋል።

አሁን በብዛት የሚላከውን ላንብብላችሁ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። "ውድ የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት ባለፈው አንድ ሳምንት መጠነኛ መዘግየት መፈጠሩ ይታወቃል። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን በቅርቡ ወደ ተለመደው አገልግሎታችን እንደምንመለስ እንገልጻለን።" እሺ፣ እናንተ ስድስት ቀን የጠበቃችሁ ደንበኛ ናችሁ። ይሄን አንብባችሁ ምን አወቃችሁ? የኔ እቃ የት ነው? መቼ ነው? ብሰርዝ ገንዘቤስ? ምንም! ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ፣ ትደውላላችሁ። ሺ ሰው በአንዴ ይደውላል፣ ስልክ የሚያነሳው ልጅም ከመልእክቱ በላይ የሚያውቀው ነገር የለውም። በደንብ ያልተሰራ የይቅርታ ሜሴጅ የስልክ መጨናነቅ ፈጥሮ የሚቀጥለውን ቀን ስራ ጭምር ያበላሻል።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ፣ ለማን።

ለሁሉም ሰው አንድ አይነት አትላኩ። እለምናችኋለሁ። ኦርደሮቹን ከሲስተሙ አውጡና ኤክሴል ላይ ለዩዋቸው። እቃው ዘግይቶም ቢሆን የደረሰው ሰው አለ። እስካሁን የሚጠብቅ አለ። ተማሮ የሰረዘ አለ፣ ብሩ ተመልሶለት ወይ ሳይመለስለት። እና በሰአቱ የደረሰው አለ። ይሄ የመጨረሻው ሰው ምንም አይላክለት! እሱ እኮ ስለ መዘግየቱ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ለምን ታስደነግጡታላችሁ። የሰረዘውና ብሩ ያልተመለሰለት ደግሞ መልእክት ሳይሆን ብሩ ነው የሚላክለት፣ ከዛ በኋላ መልእክት።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሲስተሙ ላይ "ደንበኛው ስልክ አላነሳም" ተብሎ ስታተስ የተሰጣቸው ኦርደሮች አሉ። በተጨናነቀ ሳምንት ሞተረኛው ሃምሳ እቃ ተሸክሞ ይወጣል፣ ሲመሽ ያልደረሰባቸውን ምን ያደርጋል? አንዳንዱ አላነሱም ብሎ ይዘጋዋል። አልፈርድበትም፣ የማይቻል ስራ ነው የተሰጠው። ግን እናንተ ያንን ሰው "ደውለን አላገኘንዎትም" ብላችሁ ብትጽፉለት፣ ስልኩን ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ለዋለ ሰው፣ በቃ አለቀ፣ ያ ደንበኛ አይመለስም። እንዴት ታውቃላችሁ? የዛን ሞተረኛ የጥሪ መዝገብ እዩ፣ ወይም ስታተሶቹ የተሞሉበትን ሰአት እዩ። አስራ አምስት ኦርደር በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ማታ አንድ ሰአት ላይ፣ አንድ ላይ "አላነሳም" ከተባለ ማንም አልተደወለለትም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ቀኑ። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፣ ወረቀት ያላችሁ ጻፉ።

የቢዝነሱን ባለቤት ቀኑን ስትጠይቁት ምን ይላል? "ሁለት ቀን ስጡኝ፣ እናጠራዋለን።" ከየት አመጣው? እስቲ ቁጥር እናስገባ፣ ለምሳሌ ያህል ነው። እሁድ ማታ ላይ 240 ውዝፍ ኦርደር አለ። በቀን 150 እቃ ከስቶር ይወጣል። 240 ለ150 ሲካፈል ሁለት ቀን አይሞላም። ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን ነገም እኮ ሰው ያዛል! በቀን 120 አዲስ ኦርደር ይገባል እንበል። ስለዚ ውዝፉን ለመቀነስ በቀን የሚተርፋችሁ 30 ብቻ ነው፣ 240 ለ30፣ ስምንት ቀን። ሁለት የተባለው ስምንት ሆነ።

አላለቀም። 150 ይወጣል ያልነው፣ ስንቱ ነው ደንበኛ እጅ የሚደርሰው? በዘገየ ሳምንት ተመላሽ ይበዛል። ለምን ቢባል ሰውየው ማክሰኞ ይመጣል ተብሎ ማክሰኞ ቤት ነበር፣ እቃው አርብ ሲመጣ እሱ ስራ ላይ ነው፣ የማያውቀው ቁጥር ሲደውል አያነሳም፣ እቃው ወደ ስቶር ይመለሳል፣ ነገ እንደገና ይወጣል። አንድ እቃ የሁለት እቃ ቦታ በላ ማለት ነው። በቀን 30 ይመለሳል ብትሉ በትክክል የደረሰው 120 ነው። የሚገባው ስንት ነበር? 120! ስለዚ ውዝፉ ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሲሮጥ ይውላል፣ ውዝፉ ግን ያው 240 ነው። አቅማችሁን ስትቆጥሩ ከስቶር የወጣውን አትቁጠሩ፣ የደረሰውን ቁጠሩ። ደግሜ ልበለው፣ የደረሰውን ቁጠሩ!

ታዲያ ምን ይደረግ? ሜሴጁን ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ማዘዣ ገጹ ላይ ገብታችሁ "በ24 ሰአት ይደርሳል" የሚለውን አሁኑኑ ቀይሩ። በአንድ እጅ ይቅርታ እየጠየቃችሁ በሌላው እጅ ያንኑ የማይጠበቅ ቃል ለአዲስ ሰው እየሰጣችሁ ከሆነ የሚቀጥለው ሳምንት ይቅርታ ተቀባይ እያዘጋጃችሁ ነው። ሶስት ቀን በሉት፣ እና በቀን የምትቀበሉትን ኦርደር ገድቡ፣ 80 ላይ እንበል። ያማል፣ አውቃለሁ፣ የሽያጭ ሰዎቻችሁ ይጮሃሉ። ግን ለጥቂት ቀን ነው። ሁለተኛ፣ እቃ ከስቶር ከመውጣቱ በፊት ለደንበኛው ሰአት ንገሩት፣ ጠዋት ደውሉ ወይ ጻፉ። ተመላሹ ከ30 ወደ 10 ቢወርድ በቀን 140 ደረሰ ማለት ነው፣ አንድ ሞተረኛ እንኳን ሳትጨምሩ።

አሁን እንደገና እንቁጠር። 140 ይደርሳል፣ 80 ይገባል፣ በቀን 60 ይቀንሳል። ሰኞ ማታ 180፣ ማክሰኞ 120፣ ረቡዕ 60፣ ሐሙስ ዜሮ። ስለዚ ማዘዣ ገጹ ወደ ድሮው ቃሉ የሚመለሰው አርብ ነው። ይሄ አንዱ ቀን ነው። ለውዝፎቹ ሰዎች የምትነግሩት ቀን ግን ሌላ ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ። የቆየው ኦርደር ቀድሞ ከወጣ፣ በደንብ ስሙኝ፣ የቆየው ቀድሞ ከወጣ፣ 240ዎቹ ሰኞና ማክሰኞ ያልቃሉ። አንድ ቀን መጠባበቂያ ጨምሩና የመጨረሻዎቹን ረቡዕ በሏቸው። ቀድሞ ከደረሰ ማንም አይከፋውም።

የቆየው ቀድሞ ይውጣ የሚለው ቀላል ይመስላል፣ በተግባር ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አንድ ስቶር ገብቼ አይቼዋለሁ፣ የእለቱ ኦርደር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፣ ያደረው ደግሞ ከኋላ መሬት ላይ ነው፣ ጠዋት ሞተረኛው ሲመጣ እጁ የሚደርሰው አዲሱ ላይ ነው፣ የስቶሩ ኃላፊዋም አዲሱ ዛሬ ከደረሰ ሪፖርቱ ላይ "በሰአቱ የደረሰ" ስለሚባልላት ደስ ይላታል። ያደረውማ አንዴ ዘግይቷል፣ ሁለት ቀን ቢዘገይም ስምንት ቀን ቢዘገይም ሪፖርቱ ላይ ያው "የዘገየ" ነው። ስለዚ መሬት ላይ ያለው እዛው መሬት ላይ ይሰነብታል። ሜሴጁን ከመላካችሁ በፊት እቃዎቹን በአካል ቦታ አቀያይሯቸው፣ የቆየውን በሩ ጋር አምጡት። ከቅደም ተከተሉ የሚወጣው የተወሰነ ቀን ያለው ብቻ ነው፣ የልደት ስጦታ፣ የትምህርት ቦርሳ እንደዛ አይነቱ። እሱን ቀኑ ካለፈበት ደግሞ ጭራሽ አትላኩት፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

ለምንድነው ቀኑ ላይ እንዲ የምደርቀው? ጆን ሊስት የሚባል ኢኮኖሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ኡበር ላይ የሰራው ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው ወረቀቱ የወጣው። ጉዟቸው የዘገየባቸውን 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ተሳፋሪዎች ወስደው ለአንዳንዱ ይቅርታ ላኩ፣ ለአንዳንዱ ይቅርታና የ5 ዶላር ኩፖን፣ ለአንዳንዱ ምንም። ምን አገኙ? ባዶ ቃል ብቻውን ብዙም አልሰራም፣ ኩፖኑ ሰራ። ግን እኔን በጣም የያዘኝ ሌላው ውጤት ነው። ይቅርታ ተጠይቆ፣ እንደገና ዘግይቶበት፣ እንደገና ይቅርታ የተጠየቀ ሰው፣ ጭራሽ ምንም ካልተላከለት ሰው የባሰ ይርቃል። የወደፊት ቃል ገብቶ ያንን ቃል አለመጠበቅም እንደዛው ነው። አያችሁ? ይቅርታ ስትጠይቁ ደንበኛው እናንተን የሚመዝንበትን ሚዛን ከፍ አድርጋችሁ ሰጣችሁት። ስለዚ ረቡዕ ካላችሁ ረቡዕ መሆን አለበት። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሐሙስ በሉ። ሐሙስም እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለዛ ሰው ቀን አትስጡት፣ ገንዘቡን መልሱለት።

ወደ ሶስተኛው ገባን መሰለኝ፣ ገንዘብ። እሱ ላይ አጭር ነኝ። የዴሊቨሪ ክፍያውን ሳይጠየቅ መልሱ። ሰውየው ለጫማው የከፈለው ጫማውን ያገኛል፣ ለፍጥነቱ የከፈለውን ግን አላገኘም፣ ያ የሱ ብር ነው። ኩፖን ከጨመራችሁ ጥሩ ነው፣ ግን "ከዚህ ብር በላይ ሲገዙ ብቻ" የሚል ነገር አትለጥፉበት፣ ለተበደለ ሰው ማስታወቂያ ይመስለዋል። ሪፈንድ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እውነቱን ተናገሩ። እናንተ ዛሬ ብትልኩም በከፈለበት መንገድ ሁለት ሶስት ቀን ይፈጅ ይሆናል፣ "ዛሬ ልከናል፣ እስከዚህ ቀን ይገባል" በሉት።

አሁን ሜሴጁን እንጻፈው። በኤስኤምኤስ ከሆነ አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ። 70 ካለፈ ተቆራርጦ ይሄዳል፣ ያኔ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል፣ የምትከፍሉትም በቁራጭ ነው። ያ ቅድም ያነበብኩት "ውድ የተከበራችሁ" የሚለው ከሁለት ቁራጭ በላይ ይፈጃል፣ አንድም መረጃ ሳይኖረው!

ይሄን ስሙ። "ሰላም፣ አርብ ያዘዙት ጫማ በኛ ጥፋት ዘግይቷል። ይቅርታ። ረቡዕ ከ8-11 ሰዓት ይደርሳል።" 57 ፊደል ነው፣ ቁጠሩት። 13 ይተርፋል፣ የሰውየውን ስም እዛ አስገቡ። ምን ምን አለው? የትኛው ኦርደር እንደሆነ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ ይቅርታ፣ ቀን፣ ሰአት። አለቀ። ለመሰረዝ መብቱ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ፣ መፈለግም አለባችሁ፣ ይሄን ጨምሩ፣ "ካልተመቸዎት 1 ብለው ይመልሱ፣ ገንዘብዎ ይመለሳል።" ሁለት ቁራጭ ይሆናል፣ ይሁን፣ ዋጋ አለው። ግን 1 ብሎ ሲመልስ የሚያነበው ሰው መኖሩን አረጋግጡ፣ መልስ የማይቀበል ቁጥር እኮ ነው ብዙ ጊዜ የምትልኩበት! እንደዛ ከሆነ የሚሰራ ስልክ ወይ የቴሌግራም አድራሻ አስገቡ።

ምክንያቱን እንጻፍ ወይ? ይሄ ሁሌ ይጠየቃል። ቴሌግራም ቻናል ላይ ሰፋ አድርጋችሁ የምትጽፉ ከሆነ አዎ፣ አንድ አረፍተ ነገር፣ እውነተኛውን። "ቅናሽ አድርገን ከምናደርሰው በላይ ኦርደር ተቀበልን።" በቃ። ሞተረኛ ታመመ፣ ዝናብ ነበር፣ ኔትወርክ ጠፋ እያላችሁ ስትደረድሩ አንባቢው የሚሰማው እኛ የለንበትም የሚል ነው። ሞተረኞቹ ላይ ደግሞ በፍጹም አታላክኩ። ነገ የሰውየውን በር የሚያንኳኳው ያ ልጅ ነው፣ እናንተ ያስቆጣችሁትን ደንበኛ ስድብ የሚጠጣው እሱ ነው። ለነሱም ከመላካችሁ በፊት ሜሴጁን አሳዩዋቸው፣ ደንበኛው ምን ቃል እንደተገባለት ሳያውቁ በሩ ላይ መቆም የለባቸውም።

ስትልኩ ለ240ውም በአንድ ደቂቃ አትላኩ። ሰኞ የሚደርሳቸውን ዛሬ ማታ፣ የሌሎቹን ነገ ጠዋት በየተራ፣ በአርባ በአርባ፣ ስልክ የሚያነሱት ልጆች በሚችሉት ልክ። ሌሊት ግን አትላኩ።

ከዛ ረቡዕ ከሰአት፣ ገና ዘጠኝ ሰአት ላይ፣ ዝርዝሩን ክፈቱና ረቡዕ ተብለው እስካሁን ያልደረሳቸውን እዩ። ስድስት ሰው ይሁን አስር፣ ይኖራሉ። ለነሱ ሜሴጅ የለም። ባለቤቱ ራሱ ስልክ አንስቶ ይደውላል፣ እነሱ ሳይደውሉ፣ ቀኑ ሳይመሽ፣ "ዛሬ ብዬዎት ነበር፣ እቃው እዚህ ቦታ ነው፣ ማታ አንድ ሰአት ይመችዎታል ወይስ ገንዘብዎን ልመልስ?" ብሎ ይጠይቃል፣ የመረጡትንም ያደርጋል።

ጊዜዬን ጨረስኩ መሰለኝ። ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ በተለይ አሁን ውዝፍ ያለባችሁ ካላችሁ ቁጥራችሁን ንገሩኝና እዚሁ ሰሌዳው ላይ አብረን እንስራው።